«ባለ»ን የምትተካው ጭረት
(በምሩቃን የመገናኛ ቀን ከቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራህ አንድ ነገር አካፍለን» ሲሉኝ ስለ ፍርድ ቤት ክርክር እንደማወራ ገምተው ይሆናል። እኔ ግን የማወራው ስለ አንዲት ጭረት ነው፤ እንግሊዞቹ ሃይፈን ስለሚሏት። በእንግሊዝኛ የተጻፈ ውል ማንበብና ማርቀቅ የዕለት እንጀራዬ ስለሆነ፣ ይህች ጭረት በሌለችበት ቦታ የሚፈጠረውን ጣጣ በቅርብ አውቀዋለሁ።

መጀመሪያ ገበያ እንውጣ። አጅባር ገበያ ላይ አንድ ሰው «ሃያ ባለ አምስት ሊትር ጄሪካን ስጠኝ» ቢል ነጋዴው አይሳሳትም። «ባለ» የምትለው ቃል አምስትንና ሊትርን አንድ ላይ አስራ ጄሪካኑ ላይ ትለጥፋቸዋለች፤ ሃያው ብቻውን ቀርቶ ቁጥር ይሆናል። አሁን ያንኑ በእንግሊዝኛ የጨረታ ሰነድ ላይ ያለ ጭረት እንጻፈው፦ «ትዌንቲ ፋይቭ ሊትር ጄሪካንስ»። ስንት ነው የታዘዘው? ጭረቷን ከፋይቭና ከሊትር መካከል ካስገባናት ሃያ ባለ አምስት ሊትር ነው፤ በጠቅላላው 100 ሊትር። ከትዌንቲና ከፋይቭ መካከል ብቻ ካስገባናት ሃያ አምስት ባለ አንድ ሊትር ነው፤ 25 ሊትር። ሁለቱም ቦታ ካስገባናት ደግሞ ባለ ሃያ አምስት ሊትር ጄሪካን ነው፤ ስንት እንደሆነ ግን አልተነገረም። አቅራቢው ርካሹን ንባብ ይዞ ይመጣል፤ ገዢው ሌላውን ይዞ ይጠብቃል።

ሰዋስዉ ይኸው ነው። ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ቃላት ተጣምረው፣ ከስም ቀድመው፣ እንደ አንድ ቅጽል ሲያገለግሉ በጭረት ይታሰራሉ። ከስሙ በኋላ ሲመጡ አብዛኛውን ጊዜ ጭረት አያስፈልግም። በ«ሊ» የሚያልቅ ተውሳከ ግስ ሲሆንም አያስፈልግም፤ «ኒውሊ አፖይንትድ ጀጅ» የሚለው «ኒውሊ» ከዳኛው ጋር ሊያያዝ ስለማይችል ማንንም አያደናግርም። እኛ አማርኛ ተናጋሪዎች ጭረቷን የምንዘነጋት ግድ የለሽ ስለሆንን አይመስለኝም። በቋንቋችን ሥራዋን «ባለ» እና «የ» ስለሚሠሩልን ዓይናችን አይፈልጋትም።

አሁን ወደ ሕጉ ልግባ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን ያረቀቁት ፈረንሳዊው ሬኔ ዳቪድ ናቸው፤ ረቂቁም በፈረንሳይኛ ተጽፎ ነው ወደ አማርኛና ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ቅጂ ከቁጥር 2027 ጀምሮ ያለው ክፍል እንግሊዞች በለመዱት «ቶርት» በሚለው ቃል አልተጠራም። «ኤክስትራ-ኮንትራክችዋል ላያቢሊቲ» ተባለ፤ አማርኛው «ከውል ውጭ» የሚለው ማለት ነው። «ኤክስትራ» ላቲን ነው፤ ትርጉሙም «ውጭ» ነው። በዘመኑ እንግሊዝኛ ግን ይኸው ቃል ብቻውን ሲቆም «ተጨማሪ» ማለት ነው። ጭረቷን አንሡና ተመልከቱ፦ «ኤክስትራ ኮንትራክችዋል ላያቢሊቲ»። «ተጨማሪ የውል ኃላፊነት» ሆኖ ሊነበብ ይችላል። ከውል ውጭ የነበረው ውል ውስጥ ገባ! ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ እንደዚህ ትርጉሙን ገልብጦ የሚያስቀምጥ የለም።

ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስላችሁ። ከውል ውጭ ለደረሰ ጉዳት ካሳ የሚጠይቅ ሰው በቁጥር 2143 መሠረት፣ በመርሕ ደረጃ፣ ጉዳቱ ከደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መክሰስ አለበት። በውል ላይ የተመሠረተ ክስ ግን ሌላ ሕግ ካልወሰነው በስተቀር በቁጥር 1845 አሥር ዓመት አለው። ቁጥር 2037 ደግሞ በሩን ይዘጋል፦ ውሉን አልፈጸመም የተባለ ሰው የሚጠየቀው በውል ድንጋጌዎች ነው እንጂ በዚህ ክፍል አይደለም። ጉዳቱ በደረሰ በሦስተኛው ዓመት ጠበቃ ዘንድ ለሚመጣ ሰው፣ ጉዳዩ ከየትኛው ወገን ነው የሚለው ጥያቄ ክስ አለው ወይስ የለውም የሚለው ጥያቄ ነው።

አንድ ምሳሌ ላሳያችሁ፤ ታሪክ አይደለም፣ ለማስረዳት የፈጠርኩት ነው። መካነ ሰላም ላይ ሕንፃ የሚሠራ ተቋራጭ የመድን ፖሊሲ ይገዛል። ፖሊሲው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው የተጻፈው፤ መድን ሰጪው «ኤክስትራ ኮንትራክችዋል ላያቢሊቲ»ን እንደሚሸፍን ይላል፤ ያለ ጭረት። ከመወጣጫው ላይ ድንጋይ ወድቆ መንገደኛ ይጎዳል። መንገደኛው ከተቋራጩ ጋር ምንም ውል የለውም፤ ጉዳቱ ከውል ውጭ የሆነ ነው። ተቋራጩ «ይህ እኮ ነው የተሸፈነው» ይላል። መድን ሰጪው ደግሞ «የሸፈንነው ከዋናው ውል በተጨማሪ በጽሑፍ የገባኸውን ግዴታ ነው፤ መንገደኛ የለበትም» ብሎ ሊከራከር ይችላል።

ዳኛው ምን ያደርጋል? ቁጥር 1733 የውሉ ቃል ግልጽ ከሆነ ዳኛው በትርጉም ሰበብ ከቃሉ እንዳይወጣ ይከለክለዋል። ቃሉ አሻሚ ከሆነ ግን ቁጥር 1734 የተዋዋዮቹን የጋራ ሐሳብ እንዲፈልግ ያዝዘዋል፤ ከውሉ በፊትና በኋላ ያሳዩትን አኳኋን ጭምር። እኔ ዳኛ ብሆን የፖሊሲውን ሌሎች አንቀጾች አያለሁ፤ ሦስተኛ ወገን የሚል ቃል አለ? የዘገየ ሥራ ቅጣት ተጠቅሷል? ቃሉ ከፍትሐ ብሔር ሕጉ የተወሰደ የሙያ ቃል መሆኑንም እመለከታለሁ። በእኔ ግምት ተቋራጩ የሚረታ ይመስለኛል። ስለዚህ ጭረት ጠፋች ተብሎ መብት ወዲያው አይጠፋም። የሚጠፋው ጊዜና ገንዘብ ነው፤ በአንድ ገጽ ደብዳቤ የሚያልቀው ነገር ችሎት ይሄዳል።

በአዋጅ ላይ ሲሆን ነገሩ ይቀላል። በአንቀጽ 106 መሠረት የሕገ መንግሥቱ የመጨረሻ ሕጋዊ እውቅና ያለው ቅጂ የአማርኛው ነው፤ የፌዴራል ነጋሪት ጋዜጣን ባቋቋመው በአዋጅ ቁጥር 3/1987 መሠረትም በአማርኛውና በእንግሊዝኛው መካከል ልዩነት ቢፈጠር የአማርኛው የበላይ ነው። የእንግሊዝኛው ጭረት ብትወድቅ አማርኛው «ከውል ውጭ» ብሎ ያነሣታል። በእንግሊዝኛ ብቻ የተጻፈ የግል ውል ግን እንዲህ ያለ ዋስ የለውም።

ለመምህራኖቻችን አንድ ነገር ላክል፤ ጭረቷ የት እንደምትጠፋ። ነጋሪት ጋዜጣ አማርኛና እንግሊዝኛን ጎን ለጎን በጠባብ ዓምድ ስለሚያትም የእንግሊዝኛ ቃላት መስመር መጨረሻ ላይ ይሰበራሉ፤ የተሰበረበትም ምልክት ያችው ጭረት ናት። «ኤክስትራ-» መስመር ጨርሶ «ኮንትራክችዋል» ከሥር ሲጀምር፣ ጭረቷ የቃሉ ትሁን የመስመሩ በዓይን አይለይም። ተማሪ ከዚያ ላይ ሲገለብጥ ወይም ከተቃኘ ፋይል ሲቀዳ ትወድቃለች። ስለዚህ ጥቅስ ስታርሙ ቃሉ መስመር መሐል የሚገኝበትን ሌላ አንቀጽ ፈልጋችሁ አመሳክሩ።

ስታረቅቁ ደግሞ ቅጽሉን በልባችሁ ወደ አማርኛ መልሱት። «ባለ» የምትገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ የጭረቷ ቦታ ነው። ቁጥር ካለበት ግን ጭረቷንም አትመኑ፤ «ጄሪካን፣ ብዛት 20፣ እያንዳንዱ 5 ሊትር የሚይዝ» በሚል መልክ እንደገና ጻፉት፤ ያኔ የምትጠፋ ጭረት አትኖርም። ጭረቷ የግድ ስትሆን በማይክሮሶፍት ወርድ ላይ Ctrl+Shift+Hyphen ብትጫኑ የማትሰበር ጭረት ታገኛላችሁ፤ ሁለቱም ቃላት አንድ መስመር ላይ ይቀመጣሉ።

ጥያቄ ያለው ካለ ከምሳ በፊት አሥር ደቂቃ አለን።