ሄዶ የተመለሰ ትርጉም፦ የማሽን ትርጉምን በምልስ ትርጉም ስለ መፈተሽ

የዛሬው ንግግሬ የሚነሣው ከአንድ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ግማሽ ገጽ እንኳ አይሞላም፤ «ትክክል ነው» ብዬ የፈረምሁበት ግን እኔ ነኝ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ የሕክምና ተቋም በነርስነት የምታገለግል የቀድሞ ተማሪዬ ቢሮዬ መጣች። በእጇ የያዘችው ቀዶ ሕክምና ለሚደረግላቸው ሰዎች በዋዜማው የሚታደል መመሪያ ነበር። ዋናው በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን አማርኛው በማሽን የተተረጎመ ነው። «መምህር፣ ከመባዛቱ በፊት አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ስለነበር አቋራጩን መረጥሁ። አማርኛውን መልሼ ለማሽን ሰጠሁና ወደ እንግሊዝኛ አስመለስሁት፤ ከዋናው ጋርም ጎን ለጎን አስተያየሁት። ዐረፍተ ነገሩ ሁሉ ገጠመ። ፈረምሁ።

ይህ ያደረግሁት ነገር ምልስ ትርጉም ይባላል። ከማሽኖቹ በፊትም የነበረ ዘዴ ነው። በባህል ተሻጋሪ ጥናት ውስጥ በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ሪቻርድ ብሪስሊን እ.ኤ.አ. በ1970 ያሳተመው ጽሑፍ ነው። አንዱ ሰው ይተረጉማል፤ ዋናውን ያላየ ሌላ ሰው መልሶ ይተረጉማል፤ ከዚያ ሁለቱ የምንጭ ቋንቋ ጽሑፎች ይነጻጸራሉ። ማራኪነቱ ግልጽ ነው፤ የተተረጎመበትን ቋንቋ የማያውቅ ሰው እንኳ ሊፈትሽበት ይችላል። ነገር ግን የሚፈተሸው ተመልሶ የመጣው ጽሑፍ እንጂ አንባቢው እጅ የሚገባው ጽሑፍ እንዳልሆነ ልብ እንበል። የዛሬው ጉዳያችን በሙሉ በዚህች ልዩነት ላይ የቆመ ነው።

ዘዴውን ከማማቴ በፊት የሚገባውን ምስጋና ልስጠው። በዚህች ከተማ ተቀምጦ ስለ ትርጉም ሲነገር ውጫሌን አለማንሣት አይቻልም። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመው ውል አንቀጽ 17 በአማርኛው ንጉሠ ነገሥቱ ከሌሎች መንግሥታት ጋር ለሚኖራቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት አማካይነት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል፤ ኢጣሊያንኛው ግን ይህን ለማድረግ እንደተስማሙ አድርጎ ጽፎታል። ከዚያ በኋላ ወደ ኢጣሊያ ተጉዘው ተጨማሪውን ውል የፈረሙት የሐረሩ ገዥ መኰንን ነበሩ። ኢጣሊያንኛውን ያላየ ሰው አማርኛውን ወደ ኢጣሊያንኛ ቢመልሰው ኖሮ በአንዱ «ይችላሉ»፣ በሌላው «ተስማምተዋል» ይገኝ ነበር፤ ልዩነቱም ጎልቶ ይታይ ነበር። ምልስ ትርጉም የሚይዘው እንዲህ ያለውን ስሕተት ነው፤ ሁለቱም ቋንቋዎች ለይተው መናገር የሚችሉትን ነገር አንዱ ሲለውጠው። የተዘለለ ዐረፍተ ነገር፣ የወደቀ አሉታ፣ ከ5 ወደ 50 የተለወጠ ቁጥር በዚህ ይያዛል። ዛሬም ለዚህ እጠቀምበታለሁ።

ወደ ወረቀቱ ልመለስ። ወሩ ረመዳን ነበር። ነርሷ በዚያው ምሽት ጁገል ውስጥ ወዳለው የእናቷ ቤት ሄዳ፣ ካፈጠሩ በኋላ ወረቀቱን ለእናቷ አነበበችላቸው። የመጀመሪያው መስመር «ከሌሊቱ 12 ሰዓት በኋላ ምንም ነገር አትብላ፣ አትጠጣ» ይላል። እናትየው ሰምተው «አላህ ይስጣቸው፤ አሳቢዎች ናቸው። ሱሑሩን በልቶ ይመጣል ማለት ነው፣ ልጄ» አሏት።

ልጅቱ እንደነገረችኝ ያን ጊዜ እጇ ላይ የነበረውን ሲኒ አስቀመጠች። የእንግሊዝኛው ዋና መመሪያ «በሌሊት 12» ሲል እኩለ ሌሊትን ማለቱ ነው። በእኛ አቆጣጠር እኩለ ሌሊት 6 ሰዓት ነው፤ ከሌሊቱ 12 ሰዓት ደግሞ ጎህ የሚቀድበት ነው። ሱሑር የሚበላው ከዚያ በፊት ስለሆነ እናትየው አንዲት ፊደል አልሳቱም። የሳተው ትርጉሙ ነው፤ ያሳለፍሁትም እኔ ነኝ።

የስሕተቱን ዋጋ በሰዓት እንቁጠረው። በማደንዘዣ የተኛ ሰው የመዋጥና የማሳል መከላከያው ይላላል፤ በጨጓራው ያለው ምግብ ወደ ላይ ተመልሶ ሳንባው ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ ከቀላል ምግብ በኋላ ቢያንስ 6 ሰዓት፣ ከቅባት ወይም ከሥጋ በኋላ ደግሞ ከዚያ የበለጠ መቆየት ያስፈልጋል። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ በልቶ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ የቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ ሰው የቆየው 3 ሰዓት ብቻ ነው።

ታዲያ ምልስ ትርጉሙ ይህን ስለምን አላየውም? እንግሊዝኛው «12» ሲል ማሽኑ «12 ሰዓት» አለ። ወደኋላ ሲመለስ «12 ሰዓት» እንደገና «12» ሆነ። ማሽኑ ሲሄድ የሳተውን ሲመለስ በዚያው ልክ ስለሚስተው ሁለቱ ስሕተቶች ይጣፋሉ፤ ስድስት ሰዓት ሳይቀነስ ሄዶ ስድስት ሰዓት ሳይጨመር ይመለሳል። ተመልሶ የመጣው ጽሑፍ ንጹሕ የሆነው ትርጉሙ ስለተስተካከለ ሳይሆን ስሕተቱ የተመጣጠነ ስለሆነ ነው። ሁለቱ አቅጣጫዎች ከተመሳሳይ የጽሑፍ ጥንዶች የተማሩ ሲሆኑ ይህ ድንገተኛ አይደለም። ለመመለሻው ሌላ ማሽን መጠቀም ጥቂት ይረዳል፤ ነገር ግን ሌላውም ቁጥርን በቁጥር ማስቀመጥ ከለመደ ያው ነው።

በዚያው ወረቀት ላይ ሁለተኛ የሰዓት ስሕተት ነበር። «ከጠዋቱ 8 ሰዓት ላይ ተገኝ» ይላል። ይህኛው ግን እምብዛም አላስፈራኝም። በእኛ ዘንድ ጠዋት 8 ሰዓት የሚባል ነገር ስለሌለ አንባቢው ግራ ይጋባል፤ ግራ የተጋባ ሰው ደግሞ ይጠይቃል። ከሌሊቱ 12 ሰዓት ግን አለ። ትርጉም የሚሰጥ ስሕተት ማንንም አያስጠይቅም።

ከሰዓቱ ቀጥሎ ያገኘነው ሌላ ዓይነት ነው። ወረቀቱ ወረድ ብሎ «ነፍሰ ጡር ከሆንክ ለሐኪምህ ንገር» ይላል። እባካችሁ አትሳቁ፤ እኔም አልፌዋለሁ። እንግሊዝኛው «ዩ» ሲል ወንድም ሴትም፣ አንድም ብዙም፣ ልጅም ሽማግሌም በአንዲት ቃል ያጠቃልላል። አማርኛ ግን ግሱን ሳይወስን አፉን አይከፍትም፤ አንተ፣ አንቺ፣ እርስዎ ወይም እናንተ ማለት ግድ ነው። ማሽኑ «አንተ»ን መረጠ። ሲመለስ አራቱም ወደዚያችው «ዩ» ስለሚገቡ የትኛው ተመርጦ እንደነበር የሚያሳይ ምልክት አልተረፈም። ሰፊውን በጠባቡ ዕቃ ብንሰፍር የፈሰሰው አይታይም። የሐረር ሰው ለአንቱታ ግድ የለውም እየተባለ ይቀለዳልና ስለ አክብሮቱ ብዙ የሚከፋ ላይኖር ይችላል፤ ነፍሰ ጡሯ ግን መስመሩ ለእርሷ እንዳልተጻፈ ቆጥራ ብታልፈው ማን ይፈርዳታል?

እዚህ ላይ የአቅጣጫን ነገር ልብ በሉ። ዋናው ጽሑፍ አማርኛ ቢሆንና በእንግሊዝኛ በኩል ዞሮ ወደ አማርኛ ቢመለስ «አንቺ» የነበረው «አንተ» ሆኖ ይመጣና ወዲያው ይታይ ነበር። አማርኛውን ወደ ዐረብኛ ብንመልሰውም ዐረብኛ በትእዛዝ ግስ ወንድና ሴትን ስለሚለይ ጥርጣሬ ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ «ምልስ ትርጉም ፆታን አይዝም» ብላችሁ አትጻፉ። የሚያመልጠው መመለሻው ቋንቋ የማይለየው ነገር ነው።

ሦስተኛውን ዓይነት ያገኘነው ወረቀቱን እንደ መለማመጃ ወደ ክፍል ይዤ በገባሁ ጊዜ ነው። ተማሪዎቹ «ነርሷ ሐኪሙን ትጠራለች» ከሚለው «ን»ን ሆን ብለው አጠፉና «ነርሷ ሐኪሙ ትጠራለች» አድርገው ሰጡት። የተሰበረው አማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የተመለሰው እንከን የለሽ ሆኖ ነው። ብሪስሊን ስለ ሰዎች ያስጠነቀቀውም ይህንኑ ነበር፤ ብልህ መላሽ የደከመውን ትርጉም ከራሱ አቃንቶ ይመልሰዋል። ማሽኖቹ ለዛ ያለው ዐረፍተ ነገር ለማውጣት የተሠሩ ናቸውና በዚህ ከሰውም ይብሳሉ። መላሹ በተሻሻለ ቁጥር ለመርማሪነት የማይበቃ ይሆናል፤ የታመመውን እያከመ ጤነኛ ነበር ብሎ ይመሰክራልና።

እንግዲህ ወረቀቱን እንዴት አቃናነው? መጀመሪያ ሰዓት፣ ቀንና መጠን ያለባቸውን ቦታዎች ሁሉ በእርሳስ አክብበን እያንዳንዱን በእጃችን ቀየርን፤ ይህ ለማሽን አይተውም። ቀጥሎ ነርሷ አማርኛውን ብቻ ይዛ እንግሊዝኛውን ላላዩ ጥቂት ሰዎች አነበበች። «ገባችሁ ወይ?» ብላ አልጠየቀችም፤ ለዚህ ጥያቄ ሰው ሁሉ «አዎ» ይላል። የጠየቀችው «መብላት የምታቆሙት መቼ ነው? ጨልሞ ነው ወይስ ሊነጋ ሲል?» ብላ ነው። አንዲት እናት በምሽት ጨዋታ ያወጡትን ስሕተት እኔ በምልስ ትርጉም ያላወጣሁት እርሳቸው የተመለከቱት አንባቢው ጋ የሚደርሰውን ቃል ስለሆነ ነው። ይህም መንገድ ቢሆን ጉድለት አለበት፤ ከዋናው አንድ መስመር ቢዘለል አድማጩ መዘለሉን ሊያውቅ አይችልም። ለዚያ ምልስ ትርጉሙ ያስፈልገናል።

በመጨረሻ መስመሩ «ከሌሊቱ 6 ሰዓት በኋላ ምንም ነገር አይብሉ፣ አይጠጡ» ተባለ። የነፍሰ ጡሯም ተስተካከለ። ነርሷ ንጹሑን ቅጂ ይዛ ስትመጣ፣ ልማድ ሆኖብኝ፣ እንደገና ለማሽኑ ሰጥቼ ወደ እንግሊዝኛ አስመለስሁት። «በሌሊት 6» ብሎ መለሰልኝ። ከዋናው ጋር አልገጠመም። ፈረምሁ።