በረጅም ገመድ ጫፍ ላይ ሞተር ለምን ይቆማል?

(በማኅበራችን ወርኃዊ ስብሰባ ላይ የተሰጠ ገለጻ። በዕለቱ ላልተገኙ አባላት ሲባል በጽሑፍ ቀርቧል።)



ቀይ ቡና መልቀም በተጀመረ ቁጥር ከሚዛን ተፈሪ እስከ ቴፒ በየጓሮው የሚሰማ አንድ አቤቱታ አለ። «መፈልፈያው ባዶውን ይዞራል፤ ቡና ሲገባበት ግን ያቃስትና ቀጥ ይላል» የሚል ነው። ባለሙያ ይጠራል። ማሽኑን አጥፍቶ ሞተሩ ጋ የደረሰውን ቮልት ሲለካ 220 ያገኛል። «መብራቱ ደህና ነው፤ የደከመው ሞተራችሁ ነው» ይላል። ሞተሩ ተፈትቶ ይሄዳል፣ ተጠምጥሞ ይመለሳል፣ ገንዘብ ይወጣል፣ እሱም እንደገና ማቃሰቱን ይቀጥላል። ዛሬ የምነግራችሁ ያ ልኬት እንዴት እንደሚያታልል ነው።

ረጅምና ቀጭን የውሃ ጎማ አስቡ። ጫፉን በአውራ ጣታችሁ ብትደፍኑት ውሃው ጣታችሁን በኃይል ይገፋል። ጣታችሁን ስታነሱ ግን የሚወጣው ውሃ ደካማ ነው፤ ግፊቱ መንገድ ላይ አልቋል። ገመድም እንደዚሁ ነው። ምንም ነገር ካልሠራ በገመዱ ውስጥ የሚሄድ አምፔር ስለሌለ የሚጠፋ ቮልት የለም። ሞተሩ ሲሠራ ግን ገመዱ ከቮልቱ ላይ ይበላል። የሚበላውም የገመዱ ኦም በአምፔሩ ተባዝቶ የሚገኘውን ያህል ነው። ስለዚህ ማሽኑ ጠፍቶ የሚለካ ቮልት ስለ ገመዱ ምንም አይነግረንም።

አሁን ወደ አንድ ጎረቤታችን ጉዳይ ልግባ። እሸት ቡና መፈልፈያ አለው፤ ሞተሩ ባለ ሦስት የፈረስ ጉልበት፣ ባለ አንድ ፌዝ ነው። ቆጣሪው መንገድ ዳር ካለው ቤቱ ላይ ነው። ማሽኑ ደግሞ ውሃ ፍለጋ ቁልቁል ወርዶ ወንዙ አጠገብ ተተክሏል። መሐሉ 150 ሜትር ነው፤ ገመዱ ባለ 4 ሚሊሜትር ካሬ መዳብ ነው።

ለልኬቱ ሁለት ሰው ሆንን። እኔ ላይ ቀረሁ፤ ከቆጣሪው ቀጥሎ ባለው ብሬከር መውጫ ላይ ነው የለካሁት፣ የቆጣሪው ፕሎምፕ አይነካም። ጓደኛዬ ታች ሞተሩ ጋ ሆነ። ማሽኑ ጠፍቶ ሁለታችንም 221 ቮልት አየን። ከዚያ ሞተሩ ባዶውን ተነሣና ቡና ገባበት። እየፈለፈለ ሳለ በአንድ ጊዜ ተጠራርተን ስናነብ እኔ ጋ 216፣ እሱ ጋ 186 ሆነ። ገመዱን አቅፎ በሚለካው መሣሪያ ደግሞ አምፔሩ 15 ነበር።

እዚህ ላይ ነው ማንበብ የሚያስፈልገው። ከ221 ወደ 216 የወረደው 5 ቮልት ከእኛ ብሬከር በፊት ባለው መስመር ላይ የጠፋ ነው፤ እሱ ብዙ አይደለም። እዚያ ላይ 25 ወይም 30 ቮልት ቢወርድ ኖሮ ችግሩ ከቆጣሪው ወዲያ ስለሆነ ልኬቱን ይዞ ለኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ማመልከት ነው እንጂ የራስን ገመድ መቀየር አይፈውሰውም። ከ216 ወደ 186 የወረደው 30 ቮልት ግን የእኛው የቤት ሥራ ነው።

ታዲያ 30 ቮልት ለዚህ ገመድ ተገቢ ነው ወይ? ይህንን ማስላት ቀላል ነው። ኤሌክትሪክ ሄዶ ስለሚመለስ ርዝመቱ 150 ሳይሆን 300 ሜትር ነው፤ ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። 300ን በ0.018 አባዝቶ ለ4 ማካፈል ነው፤ 1.35 ኦም ይመጣል። (ገመዱ አሉሚኒየም ከሆነ በ0.018 ፈንታ 0.028 ይያዛል።) 1.35 በ15 አምፔር ሲባዛ 20 ቮልት ገደማ ነው። እኛ የለካነው 30 ነው። ቀሪውን 10 ቮልት ማን በላው?

ገመዱን እየተከተልን ወረድን። መሐል ላይ፣ ቡናው ሥር፣ በእጅ ተጠማዞ በናስትሮ የተጠቀለለ መጋጠሚያ አገኘን። ብሬከሩን አጥፍተን፣ መጥፋቱንም በመለኪያ አረጋግጠን ናስትሮውን ፈታን። የመለኪያውን ሁለት መቆንጠጫዎች ከመጋጠሚያው ወዲህና ወዲያ አስይዘን እጃችንን አነሣን። ከዚያ ሞተሩ ተነሥቶ ቡና ሲገባበት መለኪያው 10 ቮልት አሳየ። ደህና መጋጠሚያ ላይ የሚታየው ከአንድ ቮልት በጣም ያነሰ ነው። 10 ቮልት በ15 አምፔር 150 ዋት ነው፤ ያ ሁሉ ሙቀት ደረቅ ቅጠል መሐል በምታህል አንዲት ቋጠሮ ላይ ነበር። ናስትሮው ተጨማዶ ጠቁሯል። ሞተሩ ባይቆምም ኖሮ አንድ ቀን እሳት ይነሣ ነበር።

መጋጠሚያው ተቆርጦ በብሎን ማያያዣ በደንብ ታሰረ፤ ውሃ በማይገባበት ሣጥንም ውስጥ ገባ። ሞተሩ ጋ 197 ቮልት ደረሰ፤ ባዶውን ተነሥቶ ቡና በጥቂት በጥቂቱ ሲገባለት መፈልፈል ቻለ። ጎረቤታችን ደስ አለው፣ እኔ ግን አልረካሁም። ቡና ውስጡ እንዳለ መብራት ቢጠፋና ቢመለስስ? ሞከርነው። አቃሰተ እንጂ አልተነሣም፤ ወዲያው አጠፋነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞተር ሲነሣ የሚስበው አምፔር ሲሠራ ከሚስበው አራትና አምስት እጥፍ ይሆናል። በዚያች ቅጽበት ገመዱም በዚያው መጠን ይበላል። መርፌ ያለው አሮጌ መለኪያ ለዚህ ጥሩ ነው፤ ቁጥር የሚያሳየው አዲሱ ዝቅተኛውን ይዞ የሚያስቀር ቁልፍ ከሌለው ሳያሳየን ያልፋል። መርፌው በመጥፎው መጋጠሚያ ጊዜ 140 ድረስ ወርዶ ነበር፤ ከጥገናው በኋላ 155 ሆነ። የሞተር ጉልበት ደግሞ ከቮልቱ ጋር እኩል አይወርድም፣ በካሬው ነው የሚወርደው። 155 ለ220 ሲካፈል 0.7 ነው፤ 0.7 በራሱ ሲባዛ ግማሽ አይሞላም። በግማሽ ጉልበት ቡና የሞላ መፈልፈያ ማንሣት አይቻልም። ያልተነሣ ሞተር ደግሞ ያንን ከባድ አምፔር እየሳበ ይቆማል፤ ጥምጥሙም ፈጥኖ ይቃጠላል። ሞተር ካቃሰተ «ትንሽ ይጠብቅ፣ ይነሣ ይሆናል» አይባልም። «ትልቅ ሞተር እንግዛ» ማለትም መፍትሔ አይደለም፤ ትልቁ የበለጠ አምፔር ስለሚስብ ገመዱ የበለጠ ይበላል።

የቀሩት መንገዶች ሁለት ነበሩ። አንደኛው ገመዱን በባለ 10 ሚሊሜትር ካሬ መቀየር ነው፤ ያኔ ኦሙ ከ1.35 ወደ 0.54 ይወርዳል። ሁለተኛው ማሽኑን ወደ ቆጣሪው ማቅረብ ነው። በነበረው ገመድ 60 ሜትር ላይ ቢተከል ያው 0.54 ኦም ይሆናል። የ10ሩን ዋጋ ጠይቀን ስንሰማ ሁላችንም ዝም አልን። ጎረቤታችን ማሽኑን አወጣው፤ ውሃውን ከላይ ካለው ምንጭ በጎማ ሳበ። አሁን ሲነሣ መርፌው 180 አልፎ ነው የሚቆመው፤ ቡና ውስጡ እያለም ይነሣል። ሦስት ፌዝ በቅርብ የሚያገኝ ሰው ደግሞ ያንኑ ጉልበት በ380 ቮልት ሞተር ቢያገኝ በየሽቦው የሚሄደው 5 አምፔር ገደማ ስለሆነ ያ ቀጭን ገመድ ለ150 ሜትርም ይበቃው ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ሲነሣ ቮልቱ 200 አካባቢ ቆሞ ሞተሩ ግን የሚያቃስት ከሆነ ገመዱን አትውቀሱ። ማስነሻ ካፓሲተሩ ሞቷል፣ ወይም መፈልፈያው ውስጥ ድንጋይ ተቀርቅሯል ማለት ነው። ብሬከሩን አጥፍታችሁ ቀበቶውን አውልቁና ሞከሩት። ያለ ቀበቶም ካልተነሣ ካፓሲተሩን ጠርጥሩ፤ ያለ ቀበቶ ከተነሣ መፈልፈያውን ክፈቱ።

ልኬቱ የሚሠራው ኤሌክትሪክ እያለ ነው፤ የቡና ማጠቢያ መሬት ደግሞ እርጥብ ነው። ስለዚህ ታች የሚለካው ሰው ደረቅ ጣውላ ላይ ይቁም፣ የላስቲክ ጫማ ያድርግ፣ ልምድም ያለው ይሁን። መለኪያው እኔ ጋ አለ፤ የሚፈልግ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ይምጣና አብረን እንወርዳለን።