ለአከራይ የሚጻፍ የጥገና ደብዳቤ
(በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ የቀረበ ንግግር)

ብዙዎቻችን ተከራዮች ስለሆንን፣ ዛሬ የማወራው እኔው ስለጻፍኩት አንድ ደብዳቤ ነው።

የምኖርበት ኮንዶሚኒየም መታጠቢያ ቤት ውስጥ፣ ከእጅ መታጠቢያው ሥር ያለው ቧንቧ ያንጠባጥባል። የሽንት ቤቱ የውኃ ሳጥንም ተበላሽቷል። አከራዬን ጋሼን ሦስት ጊዜ በስልክ ነገርኳቸው። «እሺ ልጄ፣ ሰው እልካለሁ» አሉኝ፤ የመጣ ሰው ግን የለም። አጥብቄ ብጠይቅ «ቤቱን ልቀቂ» እንዳይሉኝም ፈራሁ። ኋላ ከሥር ያለችው ጎረቤቴ ጣሪያዋ መርጠቡን ስትነግረኝ ለመጻፍ ወሰንኩ።

ከመጻፌ በፊት ለካሁ። ከቧንቧው ሥር የአንድ ሊትር ጠርሙስ ባስቀምጥ በ40 ደቂቃ ሞላ። ውኃ ባልተቋረጠበት ሌሊት ደግሞ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቼ፣ ቆጣሪውን ከምሽቱ 4 ሰዓትና ከጠዋቱ 12 ሰዓት አነበብኩ። ጥቁሮቹ ቁጥሮች ሜትር ኩብ ናቸው፤ ቀዮቹ ክፍልፋዩን ያሳያሉ። በ8 ሰዓት ውስጥ 200 ሊትር ሄዷል። ከዚህ ውስጥ የቧንቧው 12 ሊትር ብቻ ነው። የቀረው የት ገባ? ሳጥኑ ውስጥ የቀይ ሥር ውኃ ጨምሬ፣ ሳልለቅ ግማሽ ሰዓት ቆየሁ። መቀመጫው ውስጥ ያለው ውኃ ቀላ። ለካ ዋናው ጥፋት ድምፅ ሳያሰማ የሚያፈሰው ሳጥን ነበር።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል፦

«ለተከበሩ አከራዬ፣
የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ መገጣጠሚያ በ40 ደቂቃ አንድ ሊትር ያፈሳል። የሽንት ቤቱ ሳጥን የታችኛው ጎማም ውኃ አይዝም። በሁለቱ ምክንያት በ8 ሰዓት 200 ሊትር ባከነ፤ በዚሁ ከቀጠለ በወር 18 ሜትር ኩብ ይሆናል። የታችኛው ቤት ጣሪያም እየረጠበ ነው። በ7 ቀን ውስጥ ባለሙያ እንዲልኩልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ካልተመቸዎት እኔ አሠርቼ፣ ወጪው በደረሰኝ ከኪራዩ እንዲታሰብልኝ ስምምነትዎን በጽሑፍ ይስጡኝ።»

ቀን ጽፌ፣ ፈርሜ፣ በሁለት ቅጂ ወሰድኩላቸው። አንዱን ወሰዱ፤ በእኔ ቅጂ ላይ «ደርሶኛል» ብለው ፈረሙ። ጋሼ ያነበቡት 18 ሜትር ኩብ የሚለውን ደጋግመው ነው። «እኔ ጠብታ መስሎኝ ነበር» አሉ። በአራተኛው ቀን የቧንቧ ሠራተኛ መጣ፤ ጎማውንና መገጣጠሚያውን ቀየረ። በዚያው ሌሊት ቆጣሪው ንቅንቅ አላለም።

አንድ ነገር አደራ፦ ፈቃዳቸው በጽሑፍ ሳይኖራችሁ ከኪራይ ላይ አትቀንሱ። ያልተሟላ ኪራይ እናንተን ባለዕዳ ያደርጋችኋል፤ ክርክሩም ከቧንቧው ወጥቶ ወደ ኪራዩ ይዞራል።