ከመሃል መስመር ግራና ቀኝ
(በቀድሞ ተማሪዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ ከስዕል ጠረጴዛ ወደ ኮምፒውተር ስለተደረገው ሽግግር እንድናገር አሥር ደቂቃ ሰጥተውኛል። በጠቅላላው ከማወራ የአንድ ሰው ታሪክ ብነግራችሁ ይሻላል። በማታው ፕሮግራም ፓራሜትሪክ ሞዴሊንግ ሳስተምር ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡ አንድ ድራፍትስማን ነበሩ። ክፍሉ በሙሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። እሳቸው ደግሞ የልጃቸው እኩያ ብሆንም «መምህር» ይሉኛል፣ ያውም «አንቱ» እያሉ።

ጋሼ ሠላሳ ዓመት ገደማ በእጃቸው ሥለዋል። ብዙዎቻችሁ ያንን ዘመን ታውቁታላችሁ፤ ቲ-ስኩዌሩን፣ ስኳድራውን፣ የቀለም ብዕሩን፣ የተበላሸ መስመር በምላጭ መፋቁን፣ አሞኒያ የሚሸተውን ኮፒ። የሚሠሩበት ወርክሾፕ ከክረምት በኋላ በእጅ የተሣለ ስዕል እንደማይቀበል ነገራቸው። ወይ ሞዴል ሠርተው ያስረክባሉ፣ ወይ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ይዛወራሉ። ስለዚህ ቀን ሥራ ውለው ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ እኛ ክፍል ይገባሉ።

ፍሪካድ የሚባለውን ሶፍትዌር ነበር የምንጠቀመው። ጋሼን ያስቸገራቸው ማውዙ አልነበረም፤ እሱን በሁለት ሳምንት ለመዱት። ያስቸገራቸው ኮንስትሬይንት ነው። እኔ በአማርኛ «ገደብ» እለው ነበር፣ እሳቸውም ቃሉን አልወደዱትም። «ገደብ የሚያስፈልገው ለማያውቅ ሰው ነው፤ እኔ መስመሬን የት እንደማኖር አውቃለሁ» አሉኝ። እናም ስክሪኑን እንደ ወረቀት ያዙት፤ እያንዳንዱን መስመር በትክክለኛ ቦታው አስቀመጡ፣ አለቀ። ከዚያ አንዱን ጥግ በማውዝ ስስበው መስመሩ ተከትሎኝ መጣ፣ ቀዳዳዎቹ ባሉበት ቀሩ። ጋሼ ደነገጡ። «ወረቀት ላይ ያሠመርኩት መስመር እኮ አድሮ አይሄድም!»

መቁጠር ስንጀምር ትንሽ ተግባባን። አንድ ያልታሰረ ክብ ሦስት ነጻነት አለው፤ ወደ ግራና ቀኝ ይሄዳል፣ ወደ ላይና ታች ይሄዳል፣ ይሰፋል ወይም ይጠባል። ጎኖቹ ቀጥ ያሉ አራት ማዕዘን ደግሞ አራት አለው፤ ሁለቱ የቦታ፣ ሁለቱ የስፋትና የርዝመት ናቸው። ሶፍትዌሩ ስንት ነጻነት እንደቀረ ይነግርሃል፣ ዜሮ ሲደርስ ስዕሉ አረንጓዴ ይሆናል። ጋሼ ይህን እንደ ሒሳብ መዝገብ ወደዱት። እንዲያውም አበዙት። 220 ሚሊሜትር በሚሰፋ ሰሌዳ ላይ ጠቅላላውን 220 ጻፉ፣ ከዚያ 30፣ 160፣ ሌላ 30 ጨመሩ። `Redundant constraints` የሚል መልእክት መጣ። ተረጎምኩላቸው፦ ከሌሎቹ ልኬቶች የሚገኘውን ደግመው ሰጥተውታል ማለት ነው።

ጋሼ ሳቁ። «ታዲያ በቅንፍ ይግባ አይልም እንዴ?» የድሮ ስዕል ሕግ ነው፤ ሰንሰለቱ ከጠቅላላው ጋር አብሮ ሲጻፍ አንዱ ልኬት ለመረጃ ብቻ በቅንፍ ይቀመጣል። ሶፍትዌሩም በትክክል ይህንኑ ነበር የፈለገው፤ አንዱን ልኬት ማሳያ ብቻ ማድረግ ይቻላል። ሠላሳ ዓመት የሚያውቁትን ነገር በሌላ ስም ነው ያገኙት።

ዋናው ነገር የመጣው ግን በሞተሩ ነው። ጋሼ ከሥራ ቦታቸው እውነተኛ ሥራ ይዘው መጡ፤ ሞተርና ፓምፕ ጫፍ ለጫፍ የሚቀመጡበት አንድ የጋራ የብረት ሰሌዳ። ሞተሩ ባለ 3 ኪሎዋት፣ በዓለም አቀፉ መለኪያ 100 የሚባለው መጠን ነው። የእግሮቹ ቡሎን ቀዳዳዎች ጎን ለጎን በ160 ሚሊሜትር ይራራቃሉ። የፓምፑ ቀዳዳዎች ርቀት 120 ነው። ጋሼ እንደ ልማዳቸው ሁሉንም ከግራ ጠርዝ ለኩት፤ የሞተሩን በ30 እና በ190፣ የፓምፑን በ50 እና በ170። ደምራችሁ ለሁለት ብታካፍሉ ሁለቱም መሃላቸው 110 ላይ ይውላል፣ ዘንጎቹ ይገጥማሉ። ስዕሉ አረንጓዴ ነው።

ከዚያ ባለቤቱ ሞተሩን ወደ 4 ኪሎዋት ቀየረው። ይህ መጠን 112 ነው፣ የእግሮቹ ርቀትም 190 ይሆናል። ጋሼ የሰሌዳውን ስፋት ወደ 250 አሳደጉ፣ የሞተሩን ቀኝ ቀዳዳ ወደ 220 ወሰዱ። አሁንም አረንጓዴ፤ ምንም ማስጠንቀቂያ የለም። ነገር ግን የሞተሩ መሃል አሁን 125 ላይ ነው፣ የፓምፑ ደግሞ 110 ላይ ቀርቷል። የ15 ሚሊሜትር ልዩነት! እንዲህ ተበስቶ ቢሄድ መጋጠሚያው ሊታሰር አይችልም።

እኔ አልተናገርኩም። ሰሌዳውን ለብዙ ጊዜ ዝም ብለው አዩት፣ ከዚያ ጣታቸውን ስክሪኑ ላይ አድርገው ከሞተሩ ወደ ፓምፑ ጎተቱት፣ መንገድ ላይ ቆሙ። «ዘንጉ ተሰበረ» አሉ።

«ወረቀት ላይ ቢሆን ምን ያደርጉ ነበር?» አልኳቸው።

«ወረቀት ላይ መጀመሪያ የመሃል መስመር ነው የማሠምረው። ሁሉም ከሱ ነው የሚነሳው። ከዚያ ልኬቱን ከጠርዝ እጽፋለሁ፤ የሚበሳው ልጅ የሚይዘው ጠርዙን ነዋ፣ መሃል መስመር ብረቱ ላይ የለም።» እዚህ ላይ ዝም አሉ። ቀጥለውም «ለካ ይሄ ዕቃ የመጨረሻውን ብቻ ነው የሰጠሁት። መጀመሪያ ያሠመርኩትን አልነገርኩትም» አሉ።

ያን ማታ ስዕሉን አጥፍተው እንደገና ጀመሩ። በመነሻ ነጥቡ ላይ የሚያልፈውን ቀጥ ያለ መስመር የዘንጉ መስመር አደረጉት። የሰሌዳውን ሁለት ጠርዞች፣ የሞተሩን ቀዳዳዎች፣ የፓምፑንም ቀዳዳዎች በዚያ መስመር ግራና ቀኝ እኩል እንዲሆኑ በሲሜትሪ አሰሩ። ለስፋት የቀራቸው ሦስት ቁጥር ብቻ ነው፦ 160፣ 120 እና 220። የሞተሩን ልኬት `Feet` ብለው ሰየሙት፣ በሰሌዳው ስፋት ቦታም ይህን ጻፍንበት፦

```
Sketch.Constraints.Feet + 60 mm
```

160ውን በ190 ሲተኩ ቀዳዳዎቹ ወደ ሁለቱም ወገን 15፣ 15 ሚሊሜትር ተከፈቱ፣ ሰሌዳው ራሱ 250 ሆነ፣ ፓምፑ ከመስመሩ ንቅንቅ አላለም። ጋሼ ቁጥሩን ወደ 160 መለሱት፣ እንደገና 190 አደረጉት። አምስት ጊዜ ያህል ደጋግመውታል መሰለኝ። «መምህር፣ ይሄ ገደብ አይደለም። እኔ ለልጁ በአፌ የምነግረው ነው» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እኔም ክፍል ውስጥ ገደብ የሚለውን ቃል ቀንሻለሁ።

ለወርክሾፑ የሚወጣው ስዕል ላይ ግን ልኬቶቹን ከግራ ጠርዝ ነው የጻፏቸው፤ ልክም ናቸው። ሞዴሉ ምን ከምን ጋር እንደሚታሰር ይይዛል፤ ወረቀቱ ደግሞ ሰው እንዴት እንደሚለካ።

አንድ ነገር ልጨምር። የሞተሩ መጠን ቁጥር የዘንጉ ከፍታም ነው፤ ከ100 ወደ 112 ሲሄድ ዘንጉ በ12 ሚሊሜትር ከፍ ይላል። ያ ጠፍጣፋ ስዕል ይህን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። አረንጓዴው ስክሪን ፊት ተቀምጠን ሁላችንም ስናጨበጭብ «ቆይ፣ ፓምፑ ሥር 12 ሚሊ ድጋፍ ይገባል» ያሉት ጋሼ ናቸው።

ወርክሾፑ ሥራውን ተቀበለ፣ ጋሼም ግምጃ ቤት አልሄዱም። በሚቀጥለው ማክሰኞ የድሮ ስዕሎቻቸውን በቱቦ ጠቅልለው መጡ። ጠረጴዛ ላይ ዘርግተው ከወጣት ተማሪዎቼ መካከል አንዷን ጠሩና በእርሳስ አንድ ቁጥር አሳዩዋት፤ «ነይ እስቲ ልጄ፣ ይሄ ልኬት የማን ነው? የሰሌዳው ነው ወይስ የሞተሩ?»