እንግዴ ልጁ ከወጣ በኋላ ያሉት ሁለት ሰዓታት



የነርሲንግና የአዋላጅነት ተማሪዎች ለፈተና ስትዘጋጁ አብዛኛውን ጊዜያችሁን የሚወስደው የምጥ የመጀመሪያው ደረጃ ነው፤ ረጅምና ቁጥር የሚበዛበት ስለሆነ አይፈረድባችሁም። እኔ ግን ዛሬ ሕፃኑ ከተወለደ በኋላ ያለውን ጊዜ ሰፋ አድርጌ ላየው እፈልጋለሁ። ብርቱ ደም መፍሰስ የሚያጋጥመው በአብዛኛው ያኔ ነውና።

ሁለተኛ ልጇን የምትወልድ አንዲት እናት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ መጣች እንበል። የማህፀን በሯ 5 ሴንቲ ሜትር ተከፍቷል፤ ምጡ ንቁ ክፍሉ ላይ ደርሷል። የፅንሱን የልብ ምትና የምጡን ብርታት በየ30 ደቂቃው፣ የማህፀን በሩን በየ4 ሰዓቱ እያየን እንመዘግባለን። የልብ ምቱ በደቂቃ ከ110 እስከ 160 ይጠበቃል። እንድትጠጣ፣ እንደ ልቧ እንድትንቀሳቀስ፣ ሽንቷንም ቶሎ ቶሎ እንድትሸና እናግዛታለን።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ላይ 10 ሴንቲ ሜትር ሞላ፤ ሁለተኛው ደረጃ ተጀመረ። አሁን የልብ ምቱን በየ5 ደቂቃው እናዳምጣለን። የምታምጠው ራሷ ግፊቱ ሲሰማት ነው፤ በጩኸት ማስገደድ ተገቢ አይደለም።

7:30 ላይ ሕፃኑ ተወለደ። አድርቀን ደረቷ ላይ ካስተኛነው በኋላ ሆዷን ዳሰን መንታ አለመኖሩን እናረጋግጣለን፤ ከዚያም በአንድ ደቂቃ ውስጥ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን በጡንቻዋ እንወጋታለን። ቅደም ተከተሉ አይዛባ፤ ማህፀን ውስጥ የቀረ ልጅ ካለ መድኃኒቱ ያፍነዋል። እትብቱ ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጣል። ማህፀኑ ሲጠነክር አንድ እጃችን ከብልት አጥንት በላይ ሆኖ ማህፀኑን ወደ ላይ እየደገፈ፣ ሌላው እትብቱን በዝግታ ይስባል። ሳይደግፉ መጎተት ማህፀንን ሊገለብጥ ይችላል። እንግዴ ልጁ ሲወጣ ሙሉ መሆኑን ገልብጠን እናያለን።

አራተኛው ደረጃ ላይ በየ15 ደቂቃው ማህፀኑን፣ ደሙን፣ የልብ ምቷንና የደም ግፊቷን እንለካለን። 8 ሰዓት ላይ ማህፀኑ ለስልሶ፣ ከእምብርት በላይ ወጥቶ ወደ ቀኝ አዘንብሎ ተገኘ፤ ሞዴሱም በደም ርሷል። ፈተናው «መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ወደ ቀኝ ማዘንበሉ ፊኛዋ መሙላቱን ይጠቁማል፤ የሞላ ፊኛ ማህፀኑን ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ስለዚህ ማህፀኑን እያሸን ሽንቷን እናሸናታለን፤ ራሷ ካልቻለች በካቴተር። ማህፀኑ ጠንክሮ ወደ መሃል ከተመለሰና ደሙ ከቀነሰ ክትትሉ ይቀጥላል።

ፊኛዋ ባዶ ሆኖም ማህፀኑ ከለሰለሰ ግን ችግሩ የማህፀኑ አለመኮማተር ነው፤ ሳንዘገይ ረዳት ጠርተን ደም ሥር ከፍተን ሕክምናውን እንጀምራለን። ማህፀኑ ጠንክሮ ሳለ ደሙ ካልቆመ ደግሞ ማሸቱ አይረዳም፤ የማህፀን በሩና የብልቷ ግድግዳ ተቀዶ እንደሆነ በብርሃን መፈለግ ያስፈልጋል።