ኦፈሩ በስንት ሰዓት ይላክ?

ዛሬ የማወጋችሁ ስለ ቡና ነው፤ ስለ ጣዕሙ ግን አይደለም። ላኪዎቻችን ለውጭ ገዢ "ይህን ያህል ቡና አለኝ፣ በዚህ ዋጋ እሰጣለሁ" ብለው የሚጽፉትን መልእክት ኦፈር ይሉታል። ይህ ኦፈር በየትኛው ቀን፣ በስንት ሰዓት ቢላክ ይሻላል? የዛሬው ጉዳያችን ይህ ነው።

የሽያጭ ሥልጠና የወሰደ ሰው ብትጠይቁ "ማክሰኞ ጠዋት" ይላችኋል። ምክሩ ክፉ አይደለም፤ ሰኞ የገዢው ሳጥን በተከማቸ ደብዳቤ ይሞላል፣ ዓርብ ደግሞ ልቡ ወደ ቤቱ ነው። ነገር ግን ገዢ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። እኔ ሁልጊዜ የማስቀድመው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ይህ ሰው መልስ ከመስጠቱ በፊት ምን ማድረግ አለበት? ዋጋ ማየት ነው? ከወንድሙ ጋር መመካከር ነው? ወይስ ቡናውን ቆልቶ መቅመስ? ሰዓቱን የሚወስነው ይህ ነው።

ከሐምቡርጉ አስመጪ እንጀምር። ይህ ሰው በኮንቴይነር ይገዛል፣ ለቆዪዎች ያከፋፍላል። ዓይኑ ከኒውዮርክ የአረቢካ ገበያ አይነቀልም። ያ ገበያ በኒውዮርክ ሰዓት ከንጋቱ 4:15 ተከፍቶ ከቀትር በኋላ 1:30 ላይ ይዘጋል። በእኛ አቆጣጠር ክረምታቸው ሲሆን ቀን 6:15 ተከፍቶ ምሽት 3:30 ይዘጋል፤ በጋቸው ሲሆን ደግሞ ረፋድ 5:15 ተከፍቶ ምሽት 2:30 ይዘጋል። ገበያው አንዴ ከተከፈተ አስመጪው ስልክ ላይ ነው፤ የራሱን ደንበኞች ዋጋ ያስቆርጣል፣ የገዛውንና የሸጠውን ያመዛዝናል። የእናንተን ኦፈር በጸጥታ የሚያነበው ቢሮ ከገባ በኋላ፣ ገበያው ከመከፈቱ በፊት ባለችው ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ውስጥ ነው። እርሱ ዘንድ ከጠዋቱ 8 እስከ 10 ሰዓት ማለት ነው። በክረምታቸው ለእኛ ከረፋዱ 4 እስከ ቀኑ 6 ሰዓት ይሆናል።

አሁን በሐሳብ አንዲት የአዲስ አበባ ላኪ ውሰዱ። አንድ ኮንቴይነር የታጠበ ይርጋጨፌ፣ አንደኛ ደረጃ፣ አዘጋጅታለች። 320 ጆንያ፣ እያንዳንዱ 60 ኪሎ፤ በድምሩ 19,200 ኪሎ። የውጭው ገበያ በፓውንድ ስለሚቆጥር ይህ 42,300 ፓውንድ ግድም ነው። ሳምንቱን ሙሉ ከጉምሩክና ከባንክ ስትሯሯጥ ቆይታ ዓርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ዋጋዋን ቆርጣ ትልካለች፤ "እስከ ሰኞ ማታ ይጸናል" ብላም ትጽፋለች። ይህ ለብዙዎቻችን ትጋት ይመስለናል። እስቲ ምን እንደሰጠች እንቁጠር።

ገዢው ዓርብ አይመልስም። ቅዳሜና እሑድ ያልፋሉ። ሰኞ ኒውዮርክ ይከፈታል። ዋጋው በፓውንድ 10 ሳንቲም ቢጨምር ገዢው ወዲያው "ተቀብያለሁ" ይላል፤ እርሷ በአሮጌው ዋጋ ታስራለች፣ 42,300 ፓውንድ በ10 ሳንቲም ሲባዛ ከ4,200 ዶላር በላይ አለፋት ማለት ነው። ዋጋው 10 ሳንቲም ቢቀንስስ? ገዢው ዝም ይላል፣ ወይም "ቀንሺ" ብሎ ይመለሳል። ሲጨምር የእርሱ፣ ሲቀንስ የእርሷ። ገዢው አላጭበረበራትም፤ ሦስት ቀን ሙሉ ሳይከፍል የመምረጥ መብት የሰጠችው ራሷ ናት። ቀን መምረጥ የጨዋነት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገንዘብ ጉዳይም ነው የምለው ለዚህ ነው።

ያችው ላኪ ኦፈሩን ማክሰኞ ረፋድ 4 ሰዓት ተኩል ላይ ብትልከውና "ዛሬ ኒውዮርክ እስኪዘጋ ድረስ ይጸናል" ብትልስ? ገዢው በጸጥታው ሰዓት ያነባል፣ ገበያው ሲከፈት ያመሳክራል፣ በቀኑ ይመልሳል። የዋጋ መዋዠቁ አይጠፋም፤ እርሷን የሚያስራት ግን ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነው። ዋጋው በቁርጥ ሳይሆን በኒውዮርክ ዋጋ ላይ በሚጨመር ልዩነት ከሆነ ደግሞ ሥጋቱ ይቀላል፤ ያን ጊዜ ሁለትና ሦስት ቀን መስጠት ይቻላል።

እዚህ ላይ በየዓመቱ ሰው የሚያሳስት ነገር አለ። አሜሪካኖች ሰዓታቸውን ወደፊት የሚገፉት በፈረንጆች መጋቢት ሁለተኛ እሑድ ነው፤ አውሮፓውያን ግን በዚያው ወር መጨረሻ እሑድ። በመካከሉ ሁለት ወይም ሦስት ሳምንት አለ። በእነዚያ ሳምንታት ሐምቡርግ ከእኛ በሁለት ሰዓት እንደዘገየች ናት፣ ኒውዮርክ ግን ከስምንት ወደ ሰባት ሰዓት ቀርባለች። ስለዚህ ገበያው ለሐምቡርጉ ሰው በ10:15 ፈንታ በ9:15 ይከፈትበታል፤ የጸጥታው ሰዓት በአንድ ሰዓት ያጥራል። እኛ መጋቢት የምንለው ወር፣ የታጠበው ቡናችን በብዛት የሚሸጥበት ጊዜ ነውና ይህን ልብ ማለት ይገባል። በእነዚያ ሳምንታት ኦፈሩ ከረፋዱ 4 ሰዓት ጀምሮ፣ ቢዘገይ እስከ 5 ሰዓት ይድረሰው። በፈረንጆች ጥቅምት መጨረሻ ደግሞ አውሮፓ ቀድማ ሰዓቷን ስለምትመልስ ያው ነገር ለአንድ ሳምንት ይደገማል።

ስለ ጀርመን ሳላነሳ የማላልፈው አንድ ነገር፦ እስካሁን ያልኩት ለሚያውቃችሁ ገዢ ነው። በጀርመን ሕግ ለማያውቃችሁ ሰው፣ ድርጅት እንኳ ቢሆን፣ አስቀድሞ ሳይፈቅድ የሽያጭ ኢሜይል መላክ አይፈቀድም። የመጀመሪያው ትውውቅ በቡና ዐውደ ርዕይ ላይ ወይም በሚያውቃችሁ ሰው በኩል ይሁን፤ "ኦፈር ልላክልህ?" ብሎ አስፈቅዶ፣ ፈቃዱን በጽሑፍ መያዝ።

ወደ ጅዳና ሪያድ እንሻገር። የሳዑዲ ነጋዴ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው፤ ሳምንቱ ግን ሌላ ነው። ሥራ የሚጀምረው እሑድ ነው፣ የሚያበቃው ሐሙስ ነው። ስለዚህ ለአውሮፓው ሰው የምንሸሸው ዓርብ ከሰዓት፣ ለእርሱ ሐሙስ ከሰዓት ነው። ለእኛ ዕረፍት የሆነው እሑድ ደግሞ ለእርሱ የሳምንቱ ሞቅ ያለ መጀመሪያ ነው፤ ቢሯችን ተዘግቶ ጥያቄው እስከ ሰኞ ሲያድር፣ በሩ ክፍት የሆነ ሌላ ሻጭ ይመልስለታል። ለዚህ ገበያ እሑድ ስልክ የሚያነሳ አንድ ሰው ቢመደብ፣ ኦፈሩም ሰኞና ማክሰኞ ቢላክ ይመረጣል። ብዙ ጊዜ የሚሠራው በኢሜይል ሳይሆን በዋትሳፕ፣ በድምፅ መልእክት ነው። አጠገቡ ወንድም ወይም ሸሪክ አለ፤ ይመካከራሉ፣ የሐረር ቡናን ቆላ ብለው ከሄል ጋር ለሚያፈሉ ደንበኞቻቸው ይስማማ እንደሆነ ይነጋገራሉ። ከሰላምታ ሳይጀምሩ ዋጋ መጣልም አያምርም።

በረመዳን ግን ሁሉም ይገለበጣል። ቀኑ ያጥራል፣ ሌሊቱ ይነቃል። ከተራዊሕ ሶላት በኋላ፣ ከሌሊቱ 4 ሰዓት ወዲያ የሚላክ መልእክት በቀን ከሚላከው ይልቅ ፈጥኖ ይነበባል። ዋናው ነገር ግን ያን ጊዜ መሸጥ መዘግየት መሆኑ ነው፤ ለረመዳን የሚፈላው ቡና ጾሙ ሳይገባ ጅዳ መራገፍ አለበት። ከኮንትራቱ ጀምሮ ማበጠሩን፣ ወረቀቱን፣ የጅቡቲውን መንገድና መርከቡን ስታስቡ፣ ኦፈሩ ጾሙ ከመግባቱ ሁለት ወር ተኩል ቀድሞ ቢሄድ ይሻላል። ረመዳን በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ስለሚቀድም፣ ዘንድሮ የተሳካ ቀን ለከርሞ ዘግይቷል ማለት ነው።

ሦስተኛው ገዢ በፖርትላንድ፣ በአሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ፣ በትንሽ መቁያ ሱቅ ውስጥ ያለው ነው። አሥር፣ ሃያ ጆንያ ይገዛል። ከኒውዮርክ ገበያ ይልቅ የሚያስጨንቀው ቡናው ምን ይላል የሚለው ነው። ጠዋት መቁያው ፊት ቆሟል፣ እጁ ባዶ የሚሆነው ከምሳ በኋላ ነው። በእነርሱ ሰዓት ማክሰኞ ከቀትር በኋላ 1 ሰዓት፣ በበጋቸው ለእኛ ማክሰኞ ሌሊት 5 ሰዓት ነው፤ በክረምታቸው ሌሊት 6። ማንም ያን ሰዓት ቢሮ አይቀመጥም፤ ጂሜይል ላይ `Schedule send` የሚለውን ተጠቅሞ መቅጠር ነው። እዚህ ላይ ግን የሰዓታችን አቆጣጠር ያስታል። ሌሊት 5 ሰዓት የሚጻፈው `11:00 PM` ተብሎ ነው። ሌሊት 6 ደግሞ `12:00 AM` ነው፤ ቀኑም የረቡዕ መሆን አለበት፣ ያለበለዚያ መልእክቱ አንድ ቀን ሙሉ ይቀድማል።

ለዚህ ሰው ከመጀመሪያው መልእክት ይልቅ የሚያስፈልገው ሁለተኛው ነው፤ ናሙናው ከደረሰ በኋላ የሚላከው። ናሙና ረቡዕ ደረሰው እንበል። ሐሙስ ይቆላዋል። የቅምሻ ሥርዓቱ የተቆላው ቡና ቢያንስ 8 ሰዓት እንዲያርፍ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ቢፈጥን የሚቀምሰው ዓርብ ነው። ናሙናው በደረሰ ማግስት "እንዴት አገኘኸው?" ብሎ መጻፍ ያልቀመሰውን ሰው ማስጨነቅ ነው። ብዙዎቹ በሳምንት የተወሰነ የቅምሻ ቀን አላቸው። ስለዚህ ናሙናውን ስትልኩ "የምትቀምሱት በየትኛው ቀን ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፤ ናሙናው ከዚያ ቀን ሁለት ቀን ቀድሞ እንዲደርስ አድርጉ፣ የእናንተን መልእክት ደግሞ ከቅምሻው በሚቀጥለው የሥራ ቀን ላኩ።

እንግዲህ ሰዓቱ መሥራቱን እንዴት እናውቃለን? አንዳንዶች ኢሜይሉ ስንቴ እንደተከፈተ የሚቆጥር መሣሪያ ይጠቀማሉ። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ግን የአፕል የመልእክት መተግበሪያ፣ ተጠቃሚው ጥበቃውን ካበራ፣ ሰውየው ሳያነበው በፊት ምስሎቹን ራሱ ስለሚያወርድ ያልተከፈተው እንደተከፈተ ይቆጠራል። ስለዚህ መክፈቱን ትታችሁ መልሱን ቁጠሩ። አንድ ደብተር ይበቃል፦ የገዢው ዓይነት፣ የተላከበት ቀንና ሰዓት በእርሱ አቆጣጠር፣ መልሱ የመጣበት ሰዓት፣ መልሱ ምን እንደሆነ። የጅዳውን ከሐምቡርጉ አታደባልቁ። አሥራ አምስት ገዢ ይዛችሁ በአንዱ ሰዓት አምስት፣ በሌላው ሦስት መልስ ቢመጣ ምንም አልተረጋገጠም፤ ወቅቱ እስኪያልቅ ሁለቱን ሰዓቶች እያፈራረቃችሁ ቀጥሉ። በደብተሩ ላይ ቶሎ የሚታየው ምልክት የመልሱ ፍጥነት ነው። የአንድ ገዢ መልስ ሁልጊዜ ከምሳ በኋላ የሚመጣ ከሆነ፣ ጠዋት ብትልኩለትም የሚያነባችሁ ያን ጊዜ ነውና ለእርሱ ኦፈሩን ከምሳው ትንሽ ቀድሞ አድርሱለት።