የመመለሻውን ቀን ቁጠሩ

አዋላጅ ነርስ ስለሆንኩ ስለ እርግዝናና ስለ ጉዞ እንድነግራችሁ ጠርታችሁኛል። የማወራው ብዙዎቻችን ስለምንመላለስበት መንገድ ነው፤ ከዋሽንግተን ደለስ አዲስ አበባ። መሄጃው 13 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። መመለሻው ይረዝማል፤ አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች አየሩ ስስ ነው፤ አውሮፕላኑ ለሙሉ ጉዞው የሚበቃ ነዳጅ ጭኖ መነሣት ስለሚከብደው አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ አርፎ ይቀዳል።

አንዲት እህት ገናንና ጥምቀትን ከእናቷ ጋር ልታሳልፍ አሰበች እንበል። ዲሴምበር 20 ስትነሣ 31 ሳምንቷ ነው፤ ጥምቀት በዋለ ማግስት፣ ጃንዋሪ 20፣ ልትመለስ ትኬት ቆርጣለች። ሁላችንም የምናየው የመሄጃውን ቀን ነው፤ በዚያ ቀን ደግሞ ማንም አይከለክላትም። በመመለሻዋ ግን 35 ሳምንት ከ3 ቀን ይሆናታል። ብዙ አየር መንገዶች አንድ ልጅ የያዘችን ሴት ከ36ኛው ሳምንት በኋላ፣ መንታ የያዘችን ደግሞ ከ32ኛው በኋላ አያሳፍሩም። ስለዚህ ትኬቷ አራት ቀን ብቻ ቢገፋባት እዚያው ልትወልድ ነው። መንታ ከሆነ ከመጀመሪያውም መመለሻ የላትም። ያው ጉዞ ለመስቀል ሆኖ ሴፕቴምበር 20 ብትነሣ ኖሮ በመሄጃው 18፣ በመመለሻው 22 ሳምንት ገደማ ይሆናት ነበር። የሚመረጠውም ይኸው ከ14 እስከ 27 ሳምንት ያለው ጊዜ ነው፤ ማቅለሽለሹ ጋብ ብሏል፣ የውርጃ ስጋት ቀንሷል፣ ሆዱም ገና አልከበደም።

ሳምንት ስትቆጥሩ የመጨረሻው የወር አበባ ከጀመረበት ቀን ተነሡ። “ሰባት ወሬ ነው” ማለት ለአየር መንገድ አይበቃም። ከ28 ሳምንት በኋላ ብዙዎቹ የሐኪም ደብዳቤ ይጠይቃሉ፤ በቅርብ ቀን የተጻፈ እንዲሆንም ይፈልጋሉ። የመሄጃው ደብዳቤ ለመመለሻው ላያገለግል ስለሚችል እዚያም ሐኪም ማየት ይኖርባችኋል።

አሁን ወደ ዋናው ስጋት ልግባ፤ ወደ ደም መርጋት። እርግዝና ደሙን በራሱ ቶሎ የሚረጋ ያደርገዋል፤ በወሊድ ጊዜ ብዙ ደም እንዳይፈስ የተሰጠ ጥበቃ ነው። ማሕፀን ሲያድግ ደግሞ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰውን ደም ይጫነዋል። በዚህ ላይ ከአራት ሰዓት በላይ ተቀምጠን ስንጓዝ ባታችን ደሙን ወደ ላይ መግፋቱን ያቆማል። በነፍሰ ጡር የሚረጋው በአብዛኛው በግራ እግር ነው፤ የግራው የደም መልስ ቧንቧ ዳሌ ውስጥ በቀኙ የደም ቅዳ ቧንቧ ሥር ስለሚያልፍ ይጨፈለቃል።

እንዴት ይለያል? ተራው የእርግዝና እብጠት በሁለቱም እግር ነው፤ እግር ሰቅሎ ሲታደር ይቀንሳል። ደም የረጋበት እግር ግን ብቻውን ያብጣል፣ ያማል፣ ይሞቃል። የልብስ ሰፊ ሜትር አምጡና ሁለቱንም ባት በእኩል ቦታ ለኩ፤ ልዩነቱ 2 ሴንቲ ሜትር ከሆነ በዚያው ቀን ሆስፒታል ሂዱ። የሚታየው በአልትራሳውንድ ነው፤ ጽንሱን አይጎዳም። ይህ ምልክት ከጉዞ በኋላ ሳምንታት ቆይቶም ሊመጣ ይችላል። ደረጃ ስንወጣ ትንሽ ማለክለክ አዲስ አበባ ላይ የተለመደ ነው። ድንገት ትንፋሽ ካጠረ፣ ሲተነፍሱ ደረት ከወጋ፣ ወይም ደም ካሳለ ግን የረጋው ደም ሳንባ ደርሶ ሊሆን ስለሚችል ለአምቡላንስ ይደወላል።

እናቶቻችን ያበጠ እግር ሲያዩ ቅቤ ቀብተው ማሸት ይወዳሉ። በፍቅር ነው፤ ነገር ግን አንድ እግሯ ብቻ ያበጠባትን ሴት አታሹ፣ ወጌሻም አትጥሩ። የረጋው ደም ተነቅሎ ሊሄድ ይችላል።

መከላከያው ቀላል ነው። ከመተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ያዙና በየሰዓቱ ወይም በየሁለት ሰዓቱ ተነሥታችሁ ተንቀሳቀሱ፤ ተቀምጣችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አሽከርክሩ። በልክ የተገዛ፣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጠበቅ ያለ የሕክምና ካልሲ ከመነሣታችሁ በፊት አድርጉ። መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስ ብላችሁ ውኃ አትተዉ፤ እንዲያውም መመላለሱ ራሱ እግር ያንቀሳቅሳል። አስፕሪን በራሳችሁ አትጀምሩ። ከዚህ በፊት ደም የረጋባት ግን የሄፓሪን መርፌ ሊያስፈልጋት ስለሚችል ትኬት ሳትቆርጥ ሐኪሟን ታማክር።

ከአዲስ አበባ ጎንደር በመኪና ለምትሄዱም ሕጉ ያው ነው፤ በየሁለት ሰዓቱ አስቁማችሁ ተራመዱ። ቀበቶውን አታውልቁ፤ የታችኛው ከሆድ በታች ዳሌ ላይ፣ የላይኛው በጡቶች መካከል አልፎ በሆድ ጎን ይዋል።

ልጅ ይዛችሁ ለክርስትና ልትሄዱ ያሰባችሁም አላችሁ። የደም መርጋቱ ስጋት ከሁሉ የሚበረታው ከወሊድ በኋላ ባሉት 6 ሳምንታት ነው፤ ካልሲውን ገና አትጣሉት።